ጥሬ ቡና ሲቈላ ስለሚጐድለው ክብደትና ስለ ተቈላ ቡና የኪሎ ዋጋ አወጣጥ

ጥሬ ቡና በእሳት ሲቈላ ከክብደቱ የሚጐድል መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን የጐደለው ክብደት በዋጋው ላይ እንዴት ሊታሰብ እንደሚገባ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዐይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው፥ ቡና እየቈላ የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳቡን ሳያውቅ ከወጪው በታች ሸጦ ካፒታሉን ይጨርሳል። ሁለተኛው፥ ገበያ የሚቈጣጠር ሹም የጥሬውን ቡና ዋጋና የተቈላውን ቡና ዋጋ አስተያይቶ፥ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ መስሎት በነጋዴው ላይ ያለ አግባብ ይፈርድበታል፤ ወይም ደግሞ እውነተኛውን አትራፊ ለይቶ ማወቅ ሳይችል ይቀራል።

በአዊ ዞን፥ ይልቁንም በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች፥ ይህ ነገር በሚገባ ሊታወቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በዞኑ ቆላማና ወይና ደጋ ክፍሎች፥ በጓንጓና በአንከሻ በኩል፥ ገበሬው ቡና ያለማል፤ እንጅባራ ግን ደጋ ስለ ሆነች የምትጠጣውን ቡና ከሌላ ቦታ የምታስመጣ ናት። ከሰሉ በአንጻሩ የአገሩ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፥ ለጥቂት ዓመታት አሳድጎ፥ ከሰል እያከሰለ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይልካል። ስለዚህ ቡናውን ከሩቅ፥ ከሰሉን ከቅርብ የሚያገኝ ነጋዴ፥ የተቈላ ቡና ዋጋ የሚወደደውና የሚረክሰው በከሰል ምክንያት ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው ሌላ ነው።

1ኛ፤ ክብደቱ የሚጐድልበት ምክንያት

በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና ከመቶ 10 እስከ 12 እጅ ያህል ውሃ በውስጡ አለበት። ቡናው ምጣድ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚሄደው ይህ ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ አረንጓዴው መልክ ወደ ብጫ ይለወጣል፤ ሽታውም እንደ ድርቆሽ፥ ቈይቶም እንደ ተቈላ ገብስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቡናው እየጠየመ ሄዶ፥ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንጣጣል። ይህ የመጀመሪያው መንጣጣት ይባላል። ፍሬው በዚህ ጊዜ ያብጣል፤ በላዩ የነበረውም ስስ ገለባ እየተላጠ ይበተናል። እሳቱ ከቀጠለ ሙቀቱ ወደ 225 ዲግሪ ሲቃረብ ሁለተኛው መንጣጣት ይሰማል፤ ድምፁ ከፊተኛው የቀጠነና የፈጠነ ነው። ቡናውም ይጠቁራል፤ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ያብለጨልጫል።

እንግዲህ የሚጐድለው ውሃው ብቻ አይደለም። ገለባው ይበተናል፤ የፍሬውም አካል ከፊሉ ወደ ጢስና ወደ አየር ተለውጦ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት መቍላቱ በበረታ መጠን ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያው መንጣጣት እንዳበቃ የወረደ ቡና ከመቶ 12 እስከ 14 እጅ፥ መካከለኛ የተቈላ ከመቶ 14 እስከ 17 እጅ፥ እስከ ሁለተኛው መንጣጣት ቈይቶ የጠቈረ ከመቶ 18 እስከ 20 እጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጐድላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ቡናው በክብደት ሲቀንስ በመጠን ግን ይጨምራል። ፍሬው ሲያብጥ ከቀድሞው ስፋቱ ግማሽ ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይሰፋል። አንድ ጣሳ የተቈላ ቡና ከአንድ ጣሳ ጥሬ ቡና በክብደት እጅግ የሚያንሰው ስለዚህ ነው። በጣሳ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ቡናው የበዛለት ይመስለዋል፤ በሚዛን ሲታይ ግን ጐድሎበታል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ቍጥጥር በሚዛን እንጂ በጣሳ ሊሆን አይገባውም።

2ኛ፤ በክረምት ስለሚገዛ ቡና

አዊ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በክረምት ወራት በጆንያ ተከምሮ በመሬት ላይ የተቀመጠ ጥሬ ቡና ከአየሩና ከመሬቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ክብደቱም ያለ ቡና ይጨምራል። ይህን የሚገዛ ነጋዴ ውሃ በቡና ዋጋ ይገዛል ማለት ነው።

ለምሳሌ፥ ውሃው ከመቶ 12 መሆን ሲገባው 15 የሆነ አንድ ፈረሱላ፥ ይኸውም 17 ኪሎ ቡና፥ ቢገዛ፥ በውስጡ ያለው ደረቅ ቡና 14.45 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ በደንብ ከደረቀ ቡና ጋራ ሲነጻጸር የ16.42 ኪሎ ያህል ነው። አንዱ ኪሎ በ400 ብር ከተገዛ፥ በፈረሱላ ላይ 232 ብር ያህል በከንቱ ተከፍሏል። ከዚህም ሌላ እርጥብ ቡና ሻጋታ ይይዛል፤ በሚቈላበትም ጊዜ ብዙ ከሰል ይፈጃል፤ ውጭው ጠቍሮ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል።

በመሣሪያ ለመለካት የማይቻል ቢሆን በእጅና በጥርስ መፈተን ይቻላል። የደረቀ ፍሬ በጥርስ ሲነከስ ጠጥሮ ይሰበራል፤ እርጥቡ ግን ጥርስ ይይዛል፥ ምልክትም ይቀበላል። የደረቀው በእፍኝ ሲዛቅ ይንኳኳል፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው።

3ኛ፤ ስለ ማካፈል እንጂ ስለ መጨመር አለመሆኑ

ብዙውን ጊዜ ስሕተት የሚደርሰው በዚህ ቦታ ነው። ከመቶ 20 የሚጐድልበት ነጋዴ፥ በጥሬው ዋጋ ላይ ከመቶ 20 ቢጨምር የጐደለውን የተካ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ100 ብር ከተገዛው ቡና የቀረው 80 እጅ ብቻ ሲሆን፥ ይህ 80 እጅ መቶውን ብር ሙሉ መመለስ አለበት። 100 ለ80 ሲካፈል 1.25 ነው። ስለዚህ ሊጨመር የሚገባው ከመቶ 20 ሳይሆን ከመቶ 25 ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ እስከ መቍላቱ ፍጻሜ የወጣው ገንዘብ ሁሉ በተቈላው ቡና ክብደት ይካፈላል። ይህንንም ተከትሎ፥ ከመቶ 12 የጐደለ እንደ ሆነ 13.6፥ 15 የጐደለ እንደ ሆነ 17.6፥ 18 የጐደለ እንደ ሆነ 22፥ 20 የጐደለ እንደ ሆነ 25 ከመቶ ይጨመራል። ጕድለቱ በበዛ መጠን የሚጨመረው ከጕድለቱ እየራቀ የሚሄድ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ገበሬው ቡናውን ሳይፈለፍል በጀንፈልነቱ የሸጠ እንደ ሆነ ከዚህ በፊት ሌላ ማካፈል ይቀድማል። ከሁለት ኪሎ ጀንፈል የሚገኘው የተፈለፈለ ቡና አንድ ኪሎ ገደማ ነውና፥ የጀንፈሉ ዋጋ በእጥፍ ተደርጎ የመፈልፈያው ኪራይ ይጨመርበታል። ጀንፈልን በቀጥታ ከተቈላ ቡና ዋጋ ጋራ ማስተያየት ስሕተት ነው።

4ኛ፤ የአንድ ፈረሱላ ቡና ሒሳብ

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ፥ በዳንግላ ከተማ አንድ ፈረሱላ የተፈለፈለ ጥሬ ቡና ገዝቶ እየቈላ በግማሽ ኪሎ ከረጢት የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳብ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ገበያው ሲለወጥ በየቦታው የዕለቱ ዋጋ ይተካባቸዋል፤ የአሠራሩ ሥርዓት ግን አይለወጥም።

ፈረሱላው በ6,800 ብር ተገዝቷል፤ ይህም በኪሎ 400 ብር ነው። ለመጫኛና ለማውረጃ 85 ብር ተከፍሏል። ከዚያም ቡናው ሲለቀም ጠጠር፥ ገለባ፥ የጠቈረና ነቀዝ የበላው ፍሬ በድምሩ 1 ኪሎ ወጣ፤ የቀረው 16 ኪሎ ነው። ይህ 16 ኪሎ መካከለኛ ሆኖ ሲቈላ ከመቶ 15 እጅ፥ ይኸውም 2.4 ኪሎ ጐደለ። በመጨረሻ በሚዛን ላይ የተገኘው የተቈላ ቡና 13.6 ኪሎ ነው። ለመቍላቱ 6 ኪሎ ከሰል በኪሎ 25 ብር ሒሳብ 150 ብር ወጣ። ለለቃሚዋና ለሚቈላው ሰው የቀን ዋጋ 340 ብር ተከፈለ።

እስከዚህ ድረስ የወጣው ገንዘብ ሲደመር 7,375 ብር ይሆናል። ይህ ለ13.6 ሲካፈል የአንድ ኪሎ የተቈላ ቡና ወጪ 542 ብር ከ28 ሳንቲም ነው። በኪሎ ሁለት ከረጢት ስለሚያስፈልግና የአንዱ ከረጢት ዋጋ ከነምልክቱ 10 ብር ስለ ሆነ፥ 20 ብር ሲጨመርበት 562 ብር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። ነጋዴው ትርፍ ሊል የሚችለው ከዚህ በላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው። የሱቅ ኪራይና ግብር ያለበት እንደ ሆነም፥ የወሩ ኪራይ በወሩ በተሸጠው ኪሎ ተካፍሎ ከትርፉ በፊት ይታሰባል።

ሒሳቡን የማያውቅ ነጋዴ ግን ሁሉን ነገር በገዛው 17 ኪሎ ያካፍላል። ቡናው 400፥ ጭነቱ 5፥ ከሰሉ 8 ብር ከ82፥ የሠራተኛው 20፥ ከረጢቱ 20 ብር ብሎ ደምሮ፥ ኪሎው 453 ብር ከ82 ሳንቲም ወጣበት ይላል። በዚህ ዋጋ 13.6 ኪሎውን ቢሸጥ የሚሰበስበው 6,172 ብር ገደማ ሲሆን፥ እውነተኛው ወጪው 7,647 ብር ነው። ስለዚህ በአንድ ፈረሱላ ብቻ 1,475 ብር ያህል ከኪሱ ይከስራል። ምድጃው ያጐደለውን ከመቶ 15 ብቻ አስቦ የጨመረ ነጋዴም ቢሆን ኪሎውን በ518 ብር ከ89 ሳንቲም ስለሚገምት፥ በፈረሱላው 590 ብር ይጐድልበታል። የዚህኛው ስሕተት ሁለት ነው፤ በማካፈል ፈንታ ጨምሯል፤ በለቀማ የወጣውንም 1 ኪሎ ረስቷል። ከ17 ኪሎ የደረሰው 13.6 ስለ ሆነ የጠቅላላው ጕድለት ከመቶ 15 ሳይሆን 20 ነው።

ከዚህ ሒሳብ ለገበያ ተቈጣጣሪ የሚጠቅም ሌላ ነገር ይገኛል። የጥሬው ቡና ዋጋ በኪሎ 40 ብር ቢወደድ፥ የተቈላው በ40 ብር ሳይሆን በ50 ብር መወደዱ ተገቢ ነው፤ 40 ለ0.8 ሲካፈል 50 ነውና። ተጨማሪው 10 ብር እንደ ዝርፊያ ሊቈጠር አይገባውም። እንዲሁም የጥሬው ዋጋ በ40 ብር ሲረክስ የተቈላው በ50 ብር መርከስ አለበት፤ ነጋዴው 40 ብር ብቻ ቀንሶ ቢገኝ ቀሪውን 10 ብር ለራሱ አስቀርቷል ማለት ነው።

5ኛ፤ ስለ ከሰል

ከሰል በገበያ የሚሸጠው በጆንያ ስለ ሆነ፥ ዋጋው በኪሎ እንዲታወቅ ጆንያው መመዘን አለበት። ሁለት ጆንያዎች በቁመት እኩል ሆነው በክብደት ሊለያዩ ይችላሉ። ዝናብ የመታው ከሰል ደግሞ ከባድ ቢሆንም ሙቀቱ አነስተኛ ነው። ስንት ኪሎ ከሰል እንደሚፈጅ ለማወቅ፥ ሥራው ሲጀመር ያለው ከሰል ይመዘናል፤ ሥራው ሲያልቅም ምድጃው ጠፍቶ የተረፈው ይመዘናል፤ ልዩነቱ የተቃጠለው ነው።

ከሰል በሁለት መንገድ ይጠፋል። መጀመሪያ ምድጃውንና ምጣዱን ለማሞቅ የሚቃጠል አለ፤ ይህ አንድ ኪሎም ተቈላ አሥር ኪሎ አይለወጥም። ሁለተኛው በየዙሩ ቡናው ሲቈላ የሚቃጠለው ነው። ከላይ በተጻፈው ምሳሌ ለማሞቂያ 1.2 ኪሎ፥ ከዚያም ሁለት ሁለት ኪሎ ቡና በስምንት ዙር ሲቈላ በየዙሩ 0.6 ኪሎ ከሰል ተቃጥሎ በጠቅላላው 6 ኪሎ ሆኗል። ይህ በአንድ ኪሎ የተቈላ ቡና ላይ 11 ብር ያህል ነው። ያው ነጋዴ በቀን 4 ኪሎ ጥሬ ብቻ የሚቈላ ቢሆን ግን፥ በሁለት ዙር 2.4 ኪሎ ከሰል ፈጅቶ 3.4 ኪሎ የተቈላ ስለሚያገኝ፥ የከሰሉ ወጪ በኪሎ ወደ 17 ብር ከ65 ሳንቲም ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመቍላት፥ የሚሸጠውን ያህል በአንድ ቀን አከታትሎ መቍላት ከሰል ያድናል።

በዞኑ የዲከረንስ ዛፍ በበሽታ ተጐድቶ ስለ ነበረ፥ የከሰል መወደድ በብዙ ሰው ዘንድ ያሳስባል። ነገር ግን በቡና ዋጋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከሚገመተው ያነሰ ነው። በምሳሌው ላይ ከሰሉ በእጥፍ ቢወደድ፥ ይኸውም 150 ብር የነበረው 300 ቢሆን፥ በተቈላው ኪሎ ላይ የሚጨመረው 11 ብር ነው። ከሰሉ ሳይወደድ፥ ቡናው ግን ጥቂት አብዝቶ ተቈልቶ ከመቶ 15 በመጐደል ፈንታ 17 ቢጐድል፥ የሚገኘው 13.28 ኪሎ ብቻ ስለሚሆን፥ የኪሎው ወጪ ከ542 ወደ 555 ብር ከፍ ይላል። ይህ 13 ብር ጭማሪ ነው። እንግዲህ በምጣድ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል አለመጠንቀቅ ከከሰል በእጥፍ መወደድ የበለጠ ሊያስከስር ይችላል። ቍጥጥሩ ከከሰሉ ይልቅ በሚዛኑ ላይ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ በሚሠራ የመቍያ ማሽን የሚቈላም ያንኑ ሥርዓት ይከተላል። ከሥራው በፊትና በኋላ ቈጣሪውን አንብቦ፥ ወይም የጋዙን ሲሊንደር መዝኖ፥ ልዩነቱን በተቈላው ኪሎ ያካፍላል።

6ኛ፤ ስለ መጠቅለያ

የመጠቅለያ ወጪ ከሌላው ወጪ የሚለይበት ነገር አለ። ቡናው ከመቈላቱ በፊትና በሚቈላበት ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከጕድለቱ ጋራ ስለሚያያዝ ይካፈላል። ከረጢቱ ግን ከተቈላ በኋላ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ጕድለቱ አይነካውም፤ በኪሎ የሚገባው ቍጥር ብቻ ተባዝቶ ይደመራል። ከረጢቱን ከጥሬው ቡና ጋራ ደምሮ በአንድነት የሚያካፍል ነጋዴ ወጪውን አለ ልኩ ያበዛል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ለመሥሪያ ቤት የቀረበ እንደ ሆነ ይታረማል።

ከረጢቱ ባነሰ መጠን ወጪው ይጨምራል። ግማሽ ኪሎ የሚይዘው 10 ብር፥ ሩብ ኪሎ የሚይዘው 7 ብር ቢሆን፥ በኪሎ በመጀመሪያው 20 ብር፥ በሁለተኛው 28 ብር ይወጣል። ስለዚህ የሩብ ኪሎው ቡና ዋጋ የግማሽ ኪሎው እኩሌታ ሳይሆን ጥቂት ከፍ ቢል በደል አይደለም።

የማይታየው ወጪ ግን ከከረጢቱ ዋጋ ይልቅ በሚሞላው ቡና ውስጥ አለ። ጠንቃቃ ነጋዴ ሚዛን እንዳይጐድልበት ፈርቶ በየግማሽ ኪሎው ላይ 10 ግራም ቢያበዛ፥ በኪሎ 20 ግራም ይሆናል፤ ይህም 10 ብር ከ85 ሳንቲም ያህል ነው። የከረጢቶቹን ዋጋ ግማሽ ያልፋል ማለት ነው። ገዢም ሻጭም የማይበደሉት፥ ግራም የሚለይ ሚዛን ሲኖርና የባዶው ከረጢት ክብደት ሲቀነስ ነው።

አሁን የተቈላ ቡና ለጥቂት ቀናት ከውስጡ አየር ያወጣል። ትኵስ ሳለ በላስቲክ ከረጢት ቢታሸግ ከረጢቱ ይነፋል፤ አንዳንዱም በስፌቱ ይፈነዳል። ስለዚህ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ የሌለው ከረጢት የሚጠቀም ነጋዴ ቢያንስ አንድ ቀን በተከደነ ዕቃ አቈይቶ ቢያሽግ ይሻላል። እርጥበት እንዳይገባበትም በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የተቈላ ቡና እርጥበት ሲጠጣ ሽታውና ጣዕሙ ፈጥኖ ይጠፋል።

7ኛ፤ ክርክር ሲነሣ ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

አንድ ሰው 16 ኪሎ ለቀም ያለ ቡና ለሚቈላ ነጋዴ ሰጥቶ 13.6 ኪሎ ቢመለስለት፥ «2.4 ኪሎዬን ሰረቀኝ» ብሎ መክሰሱ አይቀርም። ከሳሹ ይህን የሚለው በተንኰል ላይሆን ይችላል፤ ነገሩ የሚታወቀው ግን በምርመራ ነው። ከዚያው ቡና 1 ኪሎ ተመዝኖ በምስክር ፊት በተመሳሳይ እሳት፥ ከተመለሰው ቡና መልክ ጋራ እስኪመሳሰል ድረስ ይቈላል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ይመዘናል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደርጎ መካከለኛው ይያዛል። 850 ግራም ገደማ ከተገኘ የተከሰሰው ነጋዴ ነጻ ነው። 880 ግራም ከተገኘ ግን ከ16 ኪሎው 14 ኪሎ ከ80 ግራም መመለስ ነበረበትና፥ 480 ግራም ያህል ይጠየቅበታል።

የጐደለው እጅግ ሲያንስም መጠርጠር ያስፈልጋል። ጠቍሮ የተቈላ ቡና ከመቶ 11 ብቻ ጐደለ ቢባል፥ ይህ በተፈጥሮው የማይሆን ነገር ነው። ወይ ሲወርድ ውሃ ተረጭቶበታል፥ ወይም ሌላ እህል ተቀላቅሎበታል። ውሃው የሚታወቀው ጥቂቱ ተመዝኖ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ሳይቈላ ለጥቂት ጊዜ ሲታሽ ነው፤ ንጹሑ ቡና ከክብደቱ ብዙም አይለቅም፥ ውሃ የጠጣው ግን በግልጽ ይቀንሳል። የተቀላቀለ ገብስ ወይም ሽንብራ ፍሬው ሳይፈጭ በዐይን ይለያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን መለየቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ምርመራው ቡናው ከመፈጨቱ በፊት ሊደረግ ይገባል።

እንዲህ ያለው ማጭበርበር የሚበዛው ዋጋው ያለ ሒሳብ በተወሰነበት ቦታ ነው። ሹሙ የተቈላውን ቡና ከእውነተኛው ወጪ በታች እንዲሸጥ ቢያዝ፥ ሒሳቡ የማይታለፍ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ወይ ሥራውን ይተዋል፥ ወይም በውሃና በገብስ ሚዛኑን ይሞላል። የሚጐዳውም ቡናውን የሚገዛው ሰው ነው።

ስለዚህ የወረዳና የከተማ ሹማምንት የተቈላ ቡና ዋጋ ከመመርመራቸው በፊት ከነጋዴው አምስት ነገሮች ብቻ በጽሑፍ ይቀበላሉ፤ የተገዛው ጥሬ ቡና ክብደትና ዋጋ ከነጭነቱ፥ በለቀማ የወጣው፥ ተቈልቶ የተመዘነው፥ የከሰሉና የሠራተኛው ወጪ፥ የከረጢቱም ቍጥርና ዋጋ። ከረጢቱ ሲቀር ሌላው ገንዘብ ተደምሮ በተቈላው ኪሎ ይካፈላል፤ በመጨረሻ የከረጢቱ ይጨመራል። በዚህ ዐይነት የተገኘው ቍጥር ወጪው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፉ ነው። ተገቢ ይሁን አይሁን ሊባል የሚቻለውም ስለ ትርፉ ብቻ ነው።